ልብ የሚቆጥር ሰዓት ፍለጋ በዲላ

ከቡሌ አቅጣጫ ወደ ዲላ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ገና ባጃጆቹ ሳይበዙ፣ አንዲት ሴት እየሮጠች ትወርዳለች። በሁለቱም እጆቿ ሰዓት አስራለች። በግራ እጇ ያለው ቀጭን ሰከንድ ቆጣሪ ያለው፣ የቆዳ ማሰሪያው የተሰነጣጠቀ የድሮ ኳርትዝ ሰዓት ነው። በቀኝ እጇ ያለው ወንድሟ የገዛላት፣ ጥቁር ባለ ትልቅ ስክሪን ስማርት ሰዓት ነው። ነርስ ናት፤ በሥራ ቦታዋ እንደሚጠሯት እኔም ሲስተር እያልኩ ልቀጥል።

ቁልቁለቱ ለጥ ወዳለው ቦታ ሲደርስ ድንገት ቆመች። ቀኝ እጇን አየች፦ 176። ወዲያው ሁለት ጣቶቿን አንገቷ ሥር ከመንጋጋዋ በታች አሳርፋ ዐይኗን በግራ እጇ ሰዓት ላይ ተከለች። ሰከንድ ቆጣሪው ከ12 እስከ 2 እስኪደርስ፣ ማለትም በ10 ሰከንድ ውስጥ፣ 22 ምት ቆጠረች። ሃያ ሁለት በስድስት ሲባዛ 132 ነው።

«አየህ? በ176 ምት እየሮጥኩ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቆሜ አላወራህም ነበር» አለችኝ።

ነርስ ስለሆነች የልብ ምት በጣት መቁጠር ለእሷ የዘወትር ሥራ ነው። ሌላ ሯጭ ቢሆን ኖሮ ስክሪኑን አምኖ ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ሩጫውን ሳያስፈልግ ያዘገያል። እሷ ግን ሐዋሳ ላይ ለሚካሄደው ግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀች ነው፤ የምትፈልገው ሰዓትም ሁለት ነገር እንዲያሟላ ትሻለች። አንደኛ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ እንዳይጠፋ። ሁለተኛ፣ ልቧን በትክክል እንዲቆጥርላት። ችግሩ እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲገናኙ የሚጣሉ መሆናቸው ነው።

ሰባት ዓመትና አንድ ቀን ተኩል

በባትሪ ብቻ ከሄድን ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣውና እስካሁን የሚመረተው የካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ፣ ብዙዎቻችን በተማሪነታችን ያሰርነው ያ ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት፣ በአንድ ሳንቲም መሰል ባትሪ ሰባት ዓመት ያህል ይሠራል። ክብደቱ 21 ግራም ነው። ሩጫ መቁጠሪያም አለው፤ ሰከንድን ከመቶ ከፍሎ ይለካል። ሯጭ ሊያውቅበት የሚገባ አንድ ጉድለት አለው፦ መቁጠሪያው 59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሮጥ ሰው ሲጨርስ 24 ደቂቃ የሚል ቁጥር ሊያይ ይችላል፤ አንዷን ሰዓት በልቡ መያዝ የራሱ ፈንታ ነው።

የሲስተር ቀኝ እጅ ላይ ያለው ስማርት ሰዓት ግን አንድ ቀን ተኩል አይሞላም። ማታ ተረኛ ሆና ከገባች ጠዋት ልትሮጥ ስትል ይሞታል። ቻርጀሩ ደግሞ የራሱ ብቻ የሆነ፣ በማግኔት የሚጣበቅ ገመድ ነው፤ የስልኳ ገመድ አይገባለትም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሦስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው ስክሪኑ ነው። እንደ ስልክ ራሱ ብርሃን የሚያመነጭ ባለ ደማቅ ቀለም ስክሪን በበራ ቁጥር ባትሪ ይበላል። በአንጻሩ የብዙ የስፖርት ሰዓቶች ስክሪን የፀሐይን ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ስታየው ደብዝዞ ርካሽ ይመስላል፣ የዲላ የቀትር ፀሐይ ላይ ግን ከደማቁ ይልቅ ይነበባል፤ ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ ቢታይም የሚወስደው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሱቅ ውስጥ ገዢን የሚማርከው የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ነው ብዙ ሯጮች የተሳሳተውን የሚገዙት።

ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። ሰዓቱ በሰማይ ካሉ ሳተላይቶች ምልክት እየተቀበለ በየሰከንዱ ቦታውን ሲያሰላ ከማንኛውም ሥራው የበለጠ ይደክማል። ሦስተኛው ከስልክ ጋር ያለው ግንኙነት ነው፦ መልእክት፣ ጥሪ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ጩኸት ሁሉ እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ ባትሪው ያልቃል። የልብ ምት መቁጠሪያው ራሱ፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ ዋናው በላተኛ አይደለም።

ገበያው አካባቢ በአንዲት የመስታወት ሣጥን ፊት የሚቀመጡ አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ። ሲስተር የድሮ ሰዓቷን ባትሪ የምታስቀይረው እሳቸው ጋ ነው። የዚያን ዕለት ሁለቱንም ሰዓቶች አውጥታ ፊታቸው አኖረች።

«ጋሼ፣ የትኛውን ልያዝ?»

ጋሼ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ስማርቱን ገለበጡት። ጀርባው ላይ ብሎን የለም፤ በሙጫ የታሸገ ነው።

«ሲስተር፣ ይኼ የድሮው ባትሪው ሲያልቅ እኔ ጋ ታመጪዋለሽ፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ እቀይርልሻለሁ። ያኛው ባትሪው ሲሞት ሰዓቱም አብሮ ነው የሚሞተው። ልክፈተው ብል እንኳ ሁለተኛ ውኃ አይችልም።»

ትክክል ናቸው። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከጥቂት መቶ ዙር በኋላ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአዲስ ሰዓት ቁጥር እንጂ የሁለት ዓመት ሰዓት ቁጥር አይደለም።

የሲስተርን ሳምንት በቁጥር

ከዚህ በኋላ ወረቀት አወጣን። ሲስተር በሳምንት ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ትሮጣለች፤ አንዱ የእሑዱ ረጅም ሩጫ ነው። ለምሳሌ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጋርሚን ፎርራነር 55ን ወሰድን። አምራቹ ጂፒኤስ በርቶ 20 ሰዓት፣ ጂፒኤስ ሳይኖር ደግሞ የልብ ምት እየቆጠረ ሁለት ሳምንት ይቆያል ይላል። ሃያ ሰዓት ማለት እያንዳንዱ የሩጫ ሰዓት አምስት በመቶ ባትሪ ይወስዳል ማለት ነው፤ በስምንት ሲባዛ 40 በመቶ። ሁለት ሳምንት ማለት ደግሞ ያለ ሩጫ በቀን ሰባት በመቶ ገደማ ነው፤ በሳምንት 50። ሁለቱ ሲደመሩ በሳምንት 90 በመቶ። እንግዲህ እሑድ ከሩጫ በኋላ ሙሉ ቻርጅ ያደረገችው ሰዓት በሚቀጥለው እሑድ ሩጫዋን ጨርሳ አሥር በመቶ ይዛ ትመለሳለች። ባትሪው አርጅቶ አቅሙ ወደ ሰማንያ በመቶ ሲወርድ ግን ያው ሳምንት አይሞላላትም፤ በሰባተኛው ቀን ያልቃል፤ የሚያልቀውም በረጅሙ ሩጫ መካከል ነው።

ከዚያ የኮሮስ ፔስ 2ን አሰላን፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 30 ሰዓት በጂፒኤስ፣ 20 ቀን ያለ ጂፒኤስ ይላል። በዚያው ስሌት የሲስተር ሳምንት 62 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ቻርጅ ወደ አሥራ አንድ ቀን ይጠጋል፤ ባትሪው ሲያረጅም ሳምንቱን ያልፋል። ስሌቱን ማንም ሰው በየትኛውም ሰዓት ላይ ሊሠራው ይችላል፦ መቶን ለጂፒኤስ ሰዓቱ አካፍሎ በሳምንቱ የሩጫ ሰዓት ማባዛት፣ መቶን ለቀኖቹ አካፍሎ በሰባት ማባዛት፣ ሁለቱን መደመር። ድምሩ ከ80 የሚበልጥ ከሆነ ባትሪው ሲያረጅ ያናድዳል።

ሲስተር ስለ መብራት መጥፋት ብዙ ተጨንቃ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ቻርጅ ለሚፈልግ ሰዓት ግን ያ ጭንቀት ይቀላል፤ የሰዓት ባትሪ ከስልክ ባትሪ እጅግ ያነሰ ስለሆነ አንድ መጠነኛ ፓወር ባንክ ደጋግሞ ይሞላዋል። የሚያስፈራው መብራቱ ሳይሆን ገመዱ ነው። ያ የተለየ ገመድ ከጠፋ ዲላ ላይ አይገኝም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ዕድል ነው። ሰዓቱን የሚልክ ዘመድ ካለ ሁለት ገመድ እንዲልክ አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

አረንጓዴው መብራት ምን ያያል?

ወደዚያ 176 እንመለስ። የስማርት ሰዓት ጀርባ ላይ የሚርገበገቡት አረንጓዴ መብራቶች ቆዳ ውስጥ ብርሃን ይልካሉ፤ አጠገባቸው ያለች ትንሽ ብርሃን ተቀባይ ተመልሶ የሚመጣውን ትለካለች። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር የእጅ ደም ሥሮች በትንሹ ስለሚሞሉ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን ከፍና ዝቅ ቆጥሮ የልብ ምት ነው ይላል።

ሰው ሲቀመጥና ሲተኛ ይህ ዘዴ ጥሩ ይሠራል። ሲሮጥ ግን ደሙን የሚያንቀሳቅሰው ልብ ብቻ አይደለም። እግር መሬት በረገጠ ቁጥር ክንድ ይነቃነቃል፣ ሰዓቱም ቆዳው ላይ ይንሸራተታል፤ ብርሃኑ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍና ዝቅ ይላል። ቁልቁለት ላይ ንዝረቱ ይበረታል፤ ልብ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ደካማው የልብ ምልክት በብርቱው የእርምጃ ምልክት ይዋጥና ሰዓቱ እርምጃን ይቆጥራል። ሲስተር ቁልቁለቱን ስትወርድ በደቂቃ 176 እርምጃ ትረግጥ ነበር። ሰዓቱ የነገራት ያንን ነው።

ይህን ስሕተት ማወቂያው ቀላል ነው። የልብ ምቱ ቁጥር ከእርምጃ ቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ከሄደ፣ ማለትም ሁለቱም 170ዎቹ ውስጥ ከሆኑና አብረው ከወጡ ከወረዱ፣ ቁጥሩ የልብ አይደለም። ሩጫ በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ ከ90 ወደ 170 የሚዘል ቁጥርም እንዲሁ፤ ልብ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እየተቻለ ስክሪኑ ከፍተኛ ምት ካሳየ ስክሪኑ ተሳስቷል። ጥርጣሬ ሲኖር ቆሞ ወዲያውኑ ለ10 ሰከንድ በጣት መቁጠር ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር አይረዳም፤ ሰው በቆመ ቁጥር ምቱ በፍጥነት ስለሚወርድ የሚገኘው ቁጥር የሩጫው ሳይሆን የዕረፍቱ ይሆናል።

አንድ ሰው የቆዳ ቀለም ጉዳይስ ብሎ ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ አረንጓዴ ብርሃንን የበለጠ ስለሚውጥ ሰዓቶቹ ለእኛ ሰው ይሳሳታሉ የሚል ወሬ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ሞክረው በቀለም ምክንያት ጉልህ የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጉልህ ሆኖ ያገኙት የእንቅስቃሴውን ነው፦ በእንቅስቃሴ ጊዜ ስሕተቱ ከዕረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ በልጦ ነበር፤ በሰዓቶቹ መካከልም ሰፊ ልዩነት ነበር። አንድ ጥናት ጉዳዩን አይዘጋውም፤ ግን ለዲላ ሯጭ ከቆዳው ቀለም ይልቅ ቁልቁለቱ የበለጠ ያሳስበዋል። የእጅ አንጓ ላይ ንቅሳት ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ሰዓቱን ወደ ሌላው እጅ ማዞር ግድ ነው።

ብርድም አለ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ቡሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ደጋው ላይ በማለዳ የእጅ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ቆዳው ሥር ያለው ደም ሲቀንስ ሰዓቱ የሚያየው ነገር ያጣል። ሲስተር የምታደርገው ከመሮጧ በፊት ጥቂት ደቂቃ በፈጣን እርምጃ መሄድና ሰዓቱን እጅጌዋ ሥር ማስገባት ነው። ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት በላይ አንድ ጣት ያህል ገፍቶ፣ ደም እንዳይከለክል ግን ሳይንሸራተትም ጠበቅ አድርጎ ማሰር ከሁሉም በላይ ይረዳል። ብዙ ሰው ሰዓትን እንደ አምባር ላላ አድርጎ ነው የሚያስረው፤ ለጌጥ ያምራል፣ ለልብ ምት አይሆንም።

የደረት ቀበቶ

ሰዓት ሠሪው የማያውቁት፣ ሲስተር ግን ከሆስፒታል ሥራዋ ወዲያው የገባት መፍትሔ አለ። ልብ ስትመታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ታወጣለች፤ የልብ ምርመራ ማሽን የሚጽፈው ያንን ነው። ደረት ላይ የሚታሰር ላስቲክ ቀበቶም ያንኑ ምልክት ይይዛል። እርምጃም ሆነ ብርድ ብዙም አያሳስተውም። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም፤ የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባ የልብ ምት መቁጠሪያ ለስፖርተኞች ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው።

ቀበቶው ሲታሰር ቆዳ የሚነካው ክፍል በውኃ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያበላሻል፣ ላብ ሲመጣ ራሱ ይስተካከላል። ከሩጫ በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት፤ የላብ ጨው ላስቲኩን ይበላዋል፣ የመጀመሪያው የማርጀት ምልክትም ያለ ምክንያት የሚዘሉ ቁጥሮች ናቸው። ማስተላለፊያውን ከላስቲኩ ነቅሎ ማስቀመጥ ባትሪውን ያቆያል።

እዚህ ላይ ነው የድሮው ሰዓት እንደገና ወደ ጨዋታው የሚገባው። የፖላር ኤች10 ቀበቶ ስልክ ሳይዙ አንድ ሩጫ ሙሉ በራሱ ማስታወሻ ውስጥ ይመዘግባል። ከቤት ሲወጡ በስልኩ አፕ ማስጀመር፣ ስልኩን ትቶ መሮጥ፣ ሲመለሱ መገልበጥ ነው። በሳንቲም ባትሪ፣ በሲአር 2025፣ 400 ሰዓት ይሠራል፤ በሲስተር ሳምንት ሲካፈል ሃምሳ ሳምንት ነው። ጋሼ ባትሪውን አይተው «ይኼማ ይገኛል» አሉ። እንግዲህ ሰባት ዓመት በሚቆይ ካሲዮና አንድ ዓመት በሚቆይ ቀበቶ፣ ምንም ቻርጅ ሳይደረግ፣ ከአብዛኛው ስማርት ሰዓት የበለጠ ትክክለኛ የልብ ምት መዝገብ ማግኘት ይቻላል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ እየሮጡ ቁጥሩን ማየት አይቻልም፤ የሚታየው ቤት ከገቡ በኋላ ነው።

ያ ጉድለት ሜዳ ላይ ለሚሮጥ ሰው ላያሳስብ ይችላል። በጌዴኦ ኮረብታ ላይ ለሚሮጥ ግን ያሳስባል። ሲስተር አስፋልቱ ላይ ኪሎ ሜትሩን በስድስት ደቂቃ ስትሮጥ ልቧ 140 አካባቢ ነው። ወደ ቡሌ በሚያቀናው ዳገት ላይ ያንኑ ስድስት ደቂቃ ልያዝ ብላ ስትሞክር 170ን ታልፋለች፤ በዚያ ምት ደግሞ ረጅም ሩጫ አይሆንም፤ ሰኞ ሥራ ላይ እግሯን ትጎትታለች። ልቧን 145 ላይ ይዛ ስትወጣ ኪሎ ሜትሩ ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል፤ የምትፈልገውም ይህንን ነው። ፍጥነት እዚህ አገር ዳገቱን ነው የሚናገረው። ስለዚህ በዲላ ለሚሮጥ ሰው የልብ ምት ቅንጦት አይደለም፣ ግን እጅ ላይ እየታየ ነው የሚጠቅመው።

የምቱን ጣሪያ በተመለከተ አንድ ነገር። ስማርት ሰዓቶች ዕድሜን ከ220 ቀንሰው ጣሪያ ይሰጣሉ። ሲስተር 34 ዓመቷ ነው፤ ሰዓቱ 186 አላት። ቀበቶ ተውሳ በደንብ ከተሟሟቀች በኋላ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ሦስት ደቂቃ፣ በሙሉ አቅሟ ስትሮጥ 194 ደረሰች። ያ ቀመር የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነ ለአንድ ሰው በአሥርና በአሥራ ሁለት ምት ሊስት ይችላል። የቀላል ሩጫ ወሰኗ፣ የጣሪያው 75 በመቶ ብለን ብንይዘው፣ በሰዓቱ ስሌት 139 ነበር፤ በእውነተኛው 145 ነው። ስድስት ምት ትንሽ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን በመሮጥና በመራመድ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። የልብ ሕመም ወይም የደረት ውጋት ያለበት ሰው ይህን የዳገት ሙከራ ሐኪም ሳያይ መሞከር የለበትም፤ ይህን ያለችው እሷ ራሷ ናት።

ጥላ፣ ዝናብና የሐበሻ ሰዓት

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰዎች ለረጅም ዘመን እንሰትን፣ ቡናንና ትላልቅ ዛፎችን ደራርበው ስላሳደጉበት ነው። ለጂፒኤስ ግን ያ ደራርቦ ማሳደግ ፈተና ነው፤ በቡናው መካከል በእግር መንገድ ስትሮጥ ቅጠሉና ገደሉ የሳተላይቱን ምልክት ይበታትኑታል፤ መስመሩ ይጠማዘዛል፣ የወቅቱ ፍጥነት አንዴ አራት ደቂቃ አንዴ ዘጠኝ ይላል። ሳተላይቶችን በሁለት ሞገድ የሚቀበሉ ሰዓቶች ይሻላሉ፤ ያ አሠራር ግን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ሲስተር ጥላው ውስጥ ፍጥነትን አትመለከትም፤ ደቂቃውንና ልቧን ብቻ ታያለች። እኔም ለዚህ ብቻ ተብሎ ውድ ሰዓት መግዛት ይገባል ብዬ አላምንም።

ዝናብ ሲመጣ በጣት የሚነካ ስክሪን ውኃውን እንደ ጣት ይቆጥረውና ሩጫውን ራሱ ያቆመዋል። ቁልፍ ያለው ሰዓት እዚህ ይሻላል።

አንድ ለእኛ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ካሲዮውን በሐበሻ አቆጣጠር መሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስማርት ሰዓት ግን ከስልክ ጋር በተገናኘ ቁጥር ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይመለሳል። መላ አለው፦ ብዙ የስፖርት ሰዓቶች የሁለተኛ አገር ሰዓት ያሳያሉ፤ እዚያ ላይ ቦነስ አይረስን መምረጥ ነው። የአርጀንቲና ሰዓት ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነና በዓመት ውስጥ ስለማይለዋወጥ ቁጥሩ ከሐበሻው ሰዓት ጋር አንድ ነው። የሚገርመው፣ ቀኑም የሚለወጠው እኛ ጋ ሲነጋ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ዋናውን ሰዓት ወደ አርጀንቲና ማዞር ግን አይመከርም፤ የእንቅልፍና የማለዳ የልብ ምት መዝገቡ ይዘበራረቃል። ያ የማለዳ ምት ደግሞ ይጠቅማል። ሲስተር ዘወትር 52 የሆነው የማለዳ ምቷ 60 ከሆነባት ከባድ ልምምድ አትሠራም፤ ወይ ድካም ነው፣ ወይ ትኩሳት ሊጀምር ነው።

ሱቅ ላይ

ሰዓት በአካል የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር እዚያው ይሞክር። የመጀመሪያው የልብ ምት ነው። ርካሽ አስመሳዮች ሙዝ ላይ ቢታሰሩም 75 ይላሉ የሚባል ቀልድ አለ፤ እውነት ነው፣ ግን ደህና ሰዓትም ብርሃን የሚመልስ ነገር ላይ ሲታሰር አንዳንዴ ቁጥር ይሰጣልና ሙዙ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የሚሻለው ሰዓቱን አስሮ አንድ ደቂቃ እየተቀመጡ መነሣት፣ ከዚያ ስክሪኑን ከጣት ቆጠራ ጋር ማስተያየት ነው። አስመሳዩ ከ80 ፈቀቅ አይልም፣ ወይም ምት በወጣበት ጊዜ ይወርዳል። በአምስት ምት ውስጥ ከገባ ደህና ነው።

ሁለተኛው ጂፒኤስ ነው። ስልኩን ሱቅ ትቶ፣ ብሉቱዙን አጥፍቶ፣ ደጅ ወጥቶ መሞከር ነው። የራሱ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ሳተላይት ፈልጎ እንዳገኘ ይናገራል፣ በኋላም የሄዱበትን መስመር በካርታ ያወጣል። ርቀት ብቻ ነግሮ መስመር የማያሳይ ከሆነ ርቀቱን ከእርምጃ ገምቶ ነው፤ ዳገት ላይ እርምጃ ሲያጥር ይሳሳታል።

ሲስተር በመጨረሻ ስማርቱን ለታናሽ እኅቷ ሰጠች። ውጭ ያለ ዘመዷ ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪንና አምስት ቁልፍ ያለው ያገለገለ የስፖርት ሰዓት ከሁለት ገመድ ጋር ላከላት፤ ስልኳ ላይ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ዘጋችበት። ቀበቶውን የምታስረው ዳገትና ቁልቁለት ባለበት ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ቀበቶውን ሲያገኝ አረንጓዴውን መብራት ትቶ የቀበቶውን ቁጥር ያሳያታል። በአስፋልቱ ላይ ለሚሮጥ ቀላል ሩጫ አረንጓዴው መብራት ይበቃታል። የድሮው ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ አሁንም በግራ እጇ ነው፤ የሕመምተኛ ምት የምትቆጥረው በእሱ ነው፣ ጋሼም በቅርቡ ባትሪውን ቀይረውላታል።